ቁጥሩ የማን ነው? የቢኤንፒ እና የኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ምርመራ ታሪክ ትንፋሽ ባጠረው ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ



የዛሬው ንግግሬ የአንድ የላቦራቶሪ ቁጥር ታሪክ ነው። በንግግሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «የልብ ድካም» ስልም ልብ ሰውነት የሚፈልገውን ያህል ደም መርጨት ሲያቅተው ወይም የሚረጨው በልቡ ውስጥ ግፊት እየጨመረ ሲሆን፣ በዚህም ምክንያት ውሃ ወደ ሳንባና ወደ እግር ሲጠራቀም የሚደርሰውን ሕመም ማለቴ ነው፤ በድንገት የልብ ደም ሥር ሲዘጋ የሚመጣውን ሕመም አይደለም።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ይህን ርእስ ለምን እንደመረጥሁ ልንገራችሁ። ከዐሥር ዓመት ገደማ በፊት የ79 ዓመት አክስቴ ትንፋሽ አጥሯት ወደ አንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ተወሰደች። እኔ ስደርስ ኦክስጅን ተደርጎላት ተቀምጣ ነበር። በእጄ የሰጡኝ የላቦራቶሪ ወረቀት ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ 1,460 ፒኮግራም በሚሊሊትር ይላል። አጠገቡ «መደበኛ፦ ከ125 በታች» ተብሎ ታትሟል፤ ከዚያም ጎን «ከፍተኛ» የሚል ምልክት አለ። ተረኛው ሐኪም ትሑትና ትጉህ ወጣት ነበር። «ዶክተር፣ ቁጥሩ ከመደበኛው ዐሥር እጥፍ በላይ ነው፤ የልብ ድካም ነው» አለኝ። እኔም የሕክምና ባዮኬሚስትሪ አስተማሪ ነኝና ራሴን ነቅንቄ ተስማማሁ። አክስቴ ግን ጭምብሉን ገለጥ አድርጋ «ልጄ፣ ልቤ ደኅና ነው፤ ስተነፍስ እዚህ ጎኔን ነው የሚወጋኝ» አለችኝ። አላዳመጥኋትም። የዚያ ስሕተት ምንጭ ሐኪሙ ብቻ አልነበረም፤ እኔም ነበርሁበት። ስሕተቱን ለመረዳት ግን ያ ወረቀት ላይ የታተመው 125 ከየት እንደመጣ ማወቅ ያስፈልጋል።

ልብ እንደ ዕጢ

ልብ ፓምፕ ብቻ እንደሆነች ለረጅም ዘመን ይታመን ነበር። ይህን እምነት ያናወጡት ሁለት ምልከታዎች በአንድ ዓመት፣ በ1956፣ ታትመው ወጡ። ብሩኖ ኪሽ የጊኒ ፒግ ልብ የላይኛ ክፍሎችን ግድግዳ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲመረምር፣ ሆርሞን በሚያመነጩ ዕጢዎች ውስጥ የሚገኙትን የሚመስሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች አየ። በዚያው ዓመት ሄንሪና ባልደረቦቹ በውሻ ልብ ግራ የላይኛ ክፍል ውስጥ ትንሽ ፊኛ አስገብተው ሲነፉ የእንስሳው ሽንት እንደሚጨምር ገለጹ። ቅንጣቶቹ ምን እንደሚሠሩ፣ የልብ መወጠርም ሽንትን እንዴት እንደሚጨምር ገና አልታወቀም ነበር። ሁለቱን ምልከታዎች ያገናኘ ሰው ለመገኘት ሩብ ምዕተ ዓመት ፈጀ።

በ1981 በካናዳ የኪንግስተን ከተማ አዶልፎ ደ ቦልድና ባልደረቦቹ የአይጥ ልብ የላይኛ ክፍሎችን ፈጭተው ያወጡትን ጭማቂ በሌሎች አይጦች ደም ሥር ውስጥ ወጉ። በደቂቃዎች ውስጥ በሽንት የሚወጣው ሶዲየም ከ30 እጥፍ በላይ ጨመረ፤ የሽንቱ መጠንም ወደ 10 እጥፍ አደገ። ከልብ የታችኛ ክፍሎች የተወሰደ ጭማቂ ግን ይህን አላደረገም። ስለዚህ ልብ በውሃና በጨው ስትሞላና ስትወጠር ለኩላሊት «ጨውና ውሃ አስወጣ» የሚል መልእክት የምትልክ ዕጢም ናት ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ጃፓን እንሻገራለን። በ1988 ሱዶ፣ ካንጋዋ፣ ሚናሚኖና ማትሱኦ የተባሉ ተመራማሪዎች ተመሳሳይ ጠባይ ያለው ሌላ ፔፕታይድ ከአሳማ አንጎል ለይተው አወጡ። ከአንጎል ስለተገኘም በስሙ ውስጥ የአንጎል ምልክት የሆነውን «ቢ» አስገቡለት፤ ቢኤንፒ ተባለ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ግን በሰው ላይ ዋናው አመንጪ አንጎል ሳይሆን የልብ የታችኛው ክፍል እንደሆነ ታወቀ። በ1991 የኪዮቶ ተመራማሪዎች ቢኤንፒ ከልብ የሚመነጭ ሆርሞን እንደሆነና በልብ ድካም ሕመምተኞች ደም ውስጥ እጅግ ከፍ እንደሚል አሳዩ። ስሙ ግን አልተቀየረም። ተማሪዎቼ «የአንጎል ምርመራ ለምን ለልብ ይታዘዛል?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ ይኸው የስም ታሪክ ነው።

አንድ ወላጅ፣ ሁለት ልጆች

የልብ የታችኛው ክፍል ግድግዳ ሲለጠጥ ሴሉ ፕሮቢኤንፒ የተባለ 108 አሚኖ አሲድ ያለው ሰንሰለት ይሠራል። ይህ ሰንሰለት ለሁለት ይቆረጣል። 32 አሚኖ አሲድ ያለው ክፍል ሥራ የሚሠራው ሆርሞን ቢኤንፒ ነው። የቀረው 76 አሚኖ አሲድ ያለው ክፍል ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ይባላል፤ ይህ ሥራ የለውም፤ ልክ እንደ ቆረጣ ትርፍ በደም ውስጥ ይንሳፈፋል። ይህ ክፍል በሰው ደም ውስጥ እንደሚዘዋወር በ1995 ያሳወቁት በኒውዚላንድ የክራይስትቸርች ከተማ ተመራማሪዎች ናቸው።

ሁለቱ እኩል ተወልደው እኩል አይኖሩም። ቢኤንፒ በሴሎች ላይ ባሉ ተቀባዮችና ኔፕሪላይሲን በተባለ ኤንዛይም ስለሚወገድ በ20 ደቂቃ ገደማ መጠኑ በግማሽ ይቀንሳል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒን ይህ ኤንዛይም አይቆርጠውም፤ ስለዚህ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ይቆያል፤ በደም ውስጥም መጠኑ ይበልጣል። ከዚህ ሁለት ተግባራዊ ነገሮች ይከተላሉ። አንደኛው የቢኤንፒን ቁጥር በኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ወሰን መመዘን ፈጽሞ የማይቻል መሆኑ ነው፤ 300 የተባለው ቁጥር በአንዱ ማግለያ ሲሆን በሌላው አሳሳቢ ነው። ሁለተኛው፣ ከ2015 ጀምሮ ለልብ ድካም የሚሰጠውና ኔፕሪላይሲንን የሚያግደው ሳኩቢትሪል ያለበት መድኃኒት የቢኤንፒን መወገድ ስለሚያዘገይ ሕመምተኛው እየተሻለው ቢኤንፒው ሊጨምር መቻሉ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ይከታተሉታል።

የወሰኖቹ ልደት

ቢኤንፒ ትንፋሽ ባጠረው ሰው ላይ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ በሰፊው የተፈተነው ቀስ በቀስ ነው። በ1994 የክራይስትቸርች ሐኪሞች በድንገት ትንፋሽ ባጠራቸው 52 ሰዎች ላይ ለኩ፤ ትንፋሽ ያጠራቸው በልብ የሆኑትን በሳንባ ከሆኑት በደንብ እንደሚለይ አገኙ። የጥያቄውን ክብደት አስቡት፤ የሁለቱ ሕክምና ተቃራኒ ነው። ሳንባው በውሃ የሞላውን ሰው ውሃውን እናስወጣለታለን፤ በሳንባ ምችና በትኩሳት ደርቆ የመጣውን ሰው ውሃውን ካስወጣንበት ግን ኩላሊቱን እንጎዳለን።

ታላቁ ፈተና በ2002 ታተመ። አላን ማይሰልና ባልደረቦቹ በአሜሪካ፣ በፈረንሳይና በኖርዌይ በሚገኙ ሰባት ሆስፒታሎች ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጡ 1,586 ትንፋሽ ያጠራቸው ሰዎችን መረመሩ። የልብ ሐኪሞች የቢኤንፒን ውጤት ሳያዩ፣ ሌላውን ማስረጃ ሁሉ ተመልክተው «ይህ የልብ ድካም ነው፤ ይህ አይደለም» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ቁጥሩ ከፍርዱ ጋር ተመዘነ። 100 ፒኮግራም በሚሊሊትር ወሰን ሆኖ ሲወሰድ ሕመሙ ካለባቸው 90 በመቶውን ያዘ፤ ሕመሙ ከሌለባቸውም 76 በመቶውን በትክክል ነጻ አወጣ። ቁጥሩ ከ50 በታች ሲሆን ደግሞ ሕመሙ እንደሌለ መናገር በ96 በመቶ ትክክል ሆነ።

እነዚህን መቶኛዎች ወደ ሰው ልመልሳቸው። ከመቶ ትንፋሽ ያጠራቸው ሰዎች መካከል 50ዎቹ የልብ ድካም አለባቸው እንበል፤ በዚያ ጥናት የነበረው ድርሻም ከዚህ ጥቂት ያነሰ ነበር። ምርመራው ከ50ዎቹ 45ቱን ይይዛል። ሕመሙ ከሌለባቸው 50 ሰዎችም 12ቱን በስሕተት «ከፍተኛ» ይላቸዋል። ስለዚህ «ከፍተኛ» ከተባሉት 57 ሰዎች አብዛኞቹ በእርግጥ ታመዋል። አሁን ደግሞ ያንኑ ምርመራ የልብ ድካም ያለባቸው ከመቶ 10 ብቻ ወደሆኑበት ክፍል፣ ለምሳሌ በጉንፋን ወቅት ወደተጨናነቀ ተመላላሽ ክፍል እንውሰደው። ከ10ሩ 9ኙን ይይዛል፤ ከቀሩት 90ዎቹ ግን ወደ 22ቱ በስሕተት «ከፍተኛ» ይባላሉ። ምርመራው አልተቀየረም፤ ወሰኑም አልተቀየረም። «ከፍተኛ» የሚለው ቃል ትርጉም ግን ተገለበጠ፤ ከፍተኛ ከተባሉት ሰዎች ብዙዎቹ የልብ ድካም የሌለባቸው ሆኑ። ዝቅተኛው ውጤት ግን በሁለቱም ክፍሎች አስተማማኝነቱን እንደያዘ ይቀራል። ይህ ምርመራ «የለም» ሲል ከ«አለ» ይልቅ የሚታመነው ስለዚህ ነው።

በ2004 በስዊዘርላንድ የባዝል ከተማ 452 ሕመምተኞች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ የአንዱ ቡድን ሐኪሞች ቢኤንፒን አወቁ፤ የሌላው ሐኪሞች አላወቁም። ቁጥሩን ያወቁት ቡድን ሆስፒታል ያስተኙት 75 በመቶውን ሲሆን ሌላው ቡድን 85 በመቶውን አስተኛ። ከሆስፒታል እስከመውጣት የፈጀው ጊዜም ከ11 ቀን ወደ 8 ቀን አጠረ። ልብ በሉ፤ በዚያ ጥናት ሐኪሞቹ ቁጥሩን ከታሪክና ከአካል ምርመራ ጋር አብረው ነው የተጠቀሙበት፤ በምትካቸው አይደለም።

ዕድሜ ወደ ወሰኑ ሲገባ

ለኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ተመሳሳይ ሥራ የሠሩት ጄምስ ጃኑዚና ባልደረቦቹ ናቸው። በ2005 በቦስተን ወደ 600 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የሠሩት ጥናት አንድ ነገር ግልጽ አደረገ፤ አንድ ወሰን ለሁሉም ዕድሜ አይሆንም። በማግስቱ ዓመት ከአሜሪካ፣ ከስፔን፣ ከኔዘርላንድና ከኒውዚላንድ የተሰበሰበ የ1,256 ሕመምተኞች መረጃ አንድ ላይ ተተንትኖ ዛሬ የምናስተምራቸው ሦስት ወሰኖች ወጡ፤ ዕድሜው ከ50 በታች ለሆነ 450፣ ከ50 እስከ 75 ለሆነ 900፣ ከ75 በላይ ለሆነ 1,800። ከእነዚህ በላይ የሆነ ቁጥር የልብ ድካምን ይደግፋል። ለማግለል ግን ለሁሉም ዕድሜ አንድ ወሰን በቃ፤ 300። በ300ና በዕድሜው ወሰን መካከል ያለው ግራጫ ቀጣና ይባላል፤ እዚያ ቁጥሩ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም።

የዕድሜ ነገር ለምን እንዲህ ሆነ? በዕድሜ የገፋ ሰው ልብ ግድግዳው ይጠነክራል፤ ሲሞላ የመለጠጥ ችግር አለበት፤ የልብ ምት መዛባትም፣ በተለይ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው፣ ይበዛል። ኩላሊቱም ቀስ በቀስ ይደክማል። ስለዚህ አረጋዊው ትንፋሽ ሳያጥረው፣ በቤቱ ተቀምጦ ቡናውን እየጠጣ ቁጥሩ ከወጣቱ ይበልጣል። ይህ የመለኪያው ሐሰት አይደለም፤ የልብ ግድግዳ በእርግጥ ጫና ላይ ነው። ነገር ግን ያ ጫና ዛሬ ትንፋሹን ያሳጠረው ነገር ላይሆን ይችላል።

አሁን ወደ አክስቴ ወረቀት ልመለስ። እዚያ የታተመው 125 ስሕተት ቁጥር አልነበረም። ነገር ግን በድንገተኛ ክፍል ለሚታይ ሰው አልተሠራም፤ ቀስ በቀስ ለሚመጣ ምልክት በተመላላሽ ክፍል የሚታየው ሰው የልብ ድካም እንደሌለበት ለመናገር የሚያገለግል ወሰን ነው። ላቦራቶሪው አንድ ወሰን ብቻ ያትማል፤ የሕመምተኛውን ዕድሜና የመጣበትን ክፍል አይጠይቅም። የ79 ዓመት ሴት በድንገተኛ ክፍል ስትታይ ወሰኗ 1,800 ነበር። የእሷ 1,460 ከመደበኛው ዐሥር እጥፍ በላይ ሳይሆን በግራጫው ቀጣና ውስጥ ነበር። ሐኪሙም እኔም ያነበብነው ለሌላ ሰው የተሠራ ሚዛን ነበር።

ኩላሊት፦ ደካማ ማጣሪያ ወይስ እውነተኛ ምልክት?

በዚያው ወረቀት ሁለተኛ ገጽ ላይ ሌላ ቁጥር ነበር፤ ክሬአቲኒን 1.6 ሚሊግራም በዴሲሊትር። ወጣቱ ሐኪም «ትንሽ ከፍ ብሏል» ብሎ አልፎታል። ነገር ግን ለ79 ዓመት ሴት 1.6 ማለት ኩላሊቷ የሚያጣራው በደቂቃ ወደ 33 ሚሊሊትር ብቻ ነው፤ ከግማሽ በታች የወረደ ኩላሊት ማለት ነው። አረጋውያን ጡንቻቸው አነስተኛ ስለሆነ ክሬአቲኒናቸው የኩላሊታቸውን ድካም ይደብቃል።

የኩላሊት ሕመም እነዚህን ቁጥሮች ከፍ እንደሚያደርግ ቀድሞ ታውቋል። በ2003 ከማይሰል ጥናት መረጃ የተወሰደ ትንታኔ ማጣሪያቸው በደቂቃ ከ60 ሚሊሊትር በታች ለሆኑ ሰዎች የቢኤንፒ ወሰን ከ100 ወደ 200 ገደማ ከፍ ቢል እንደሚሻል አመለከተ። በ2006 ለኤንቲ-ፕሮቢኤንፒም እንዲሁ ወደ 1,200 የሚሆን ወሰን ለእነዚህ ሕመምተኞች ቀረበ። በዕድሜ የተከፋፈሉት ሦስት ወሰኖች ከዕድሜ ጋር የሚመጣውን የኩላሊት ድካም በከፊል ስለያዙት ብዙ ሐኪሞች እነርሱን ብቻ ይጠቀማሉ። ወጣት ሆኖ ኩላሊቱ የታመመ ሰው ላይ ግን የ450 ወሰን በግልጽ ያሳስታል።

ለረጅም ጊዜ በክፍል ውስጥ የምናስተምረው ማብራሪያ ቀላል ነበር፤ «ኩላሊት ስለማያጣራው በደም ይጠራቀማል፤ በተለይ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ በኩላሊት ብቻ ስለሚወገድ»። ይህን ማብራሪያ እኔም ለዓመታት አስተምሬዋለሁ። በ2009 የታተመ ጥናት ግን ወደ ኩላሊት የሚገባውንና ከኩላሊት የሚወጣውን ደም በቀጥታ ለክቶ፣ ኩላሊት ሁለቱንም በተቀራራቢ መጠን፣ ከስድስት አንድ እጅ ገደማ፣ እንደሚያስወግድ አሳየ። ማጣሪያው መካከለኛ ድካም ላይ ሲሆን እንኳ ይህ ድርሻ ብዙም አልተለወጠም። ማጣሪያው እጅግ ሲወርድ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ ከቢኤንፒ ይበልጥ እንደሚያድግ እውነት ነው። ዋናው ነጥብ ግን ሌላ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ጨውና ውሃ ይይዛል፤ የደም ግፊቱ ከፍ ይላል፤ የልቡ ግድግዳ ይወፍራል። ስለዚህ ከፍ ያለው ቁጥር በከፊል የማጣሪያ ችግር ሲሆን በከፊል በእርግጥ የልብ ጫና ነው። «ኩላሊት ስላለበት ነው» ብሎ ቁጥሩን መጣል፣ «ልብ ነው» ብሎ እንዳለ መቀበልን ያህል ያሳስታል።

ያልተጠየቀው የሳንባ ጎን

የአክስቴን ነገር ልጨርስ። በወረቀቱ መሠረት ፉሮሴማይድ በደም ሥር ተጀመረላት። ለሦስት ቀናት ብዙ ሸናች። ትንፋሿ ግን አልተሻለም፤ ክሬአቲኒኗም ከ1.6 ወደ 2.6 ወጣ። በሦስተኛው ቀን ከመምሪያው ሐኪሞች አንዲት አንጋፋ ሴት መጥታ በመጀመሪያ የጠየቀቻት ቁጥሩን ሳይሆን «እማማ፣ የት ነው የሚያምዎ?» ብላ ነው። አክስቴም ቀኝ ጎኗን አሳየቻት። ሐኪሟ የአንገቷን ደም ሥር አየች፤ አልተወጠረም። እግሮቿን ተጫነች፤ አላበጡም። ሳንባዋን አዳመጠች፤ ሻካራ ድምፅ ያለው በቀኝ በታች ብቻ ነው። ሙቀቷ 38.4 ነበር፤ ከመጀመሪያ ቀን ጀምሮ በሠንጠረዥ ላይ ተጽፏል። በልብ አልትራሳውንድ የግራ የታችኛ ክፍሏ ግድግዳ ወፍሮ፣ በደንብ ግን ሲጨመቅ ታየ። የሳንባ ምች ነበር። ፉሮሴማይዱ ቆመ፤ ጸረ-ባክቴሪያ መድኃኒትና ፈሳሽ ተሰጣት፤ በሳምንት ውስጥ ወደ ቤቷ ገባች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ትንፋሿ ጤነኛ ሆኖ ደረጃ እየወጣች፣ ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒዋን በድጋሚ አስለካሁ። 1,190 ነበር። በተረጋጋ ሰው ላይ እንኳ ይህ ቁጥር ከቀን ቀን ከሩብ በላይ ሊለዋወጥ ስለሚችል፣ በ1,460ና በ1,190 መካከል ያለው ልዩነት ትርጉም የለውም ማለት ይቻላል። ያ ቁጥር የምቹ ቁጥር አልነበረም፤ የልብ ድካም ቁጥርም አልነበረም። የዕድሜዋ፣ የደም ግፊቷና የደከመ ኩላሊቷ ቁጥር ነበር፤ የእሷ የዘወትር ቁጥር። ያን ወረቀት በማስታወሻ ደብተሯ ውስጥ አጠፍሁላትና «ሆስፒታል ስትሄጂ ይህን አሳያቸው» አልኋት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ያ ወረቀት ዋጋውን ከፈለ። እንደገና ትንፋሽ አጥሯት መጣች፤ አሁን ግን ጋደም ስትል ይብሳል፤ ሌሊት ተነሥታ ትቀመጣለች፤ ሁለቱም እግሮቿ አብጠዋል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒዋ 7,200 ሆነ። ሐኪሙ የ1,190ን ወረቀት አይቶ «ስድስት እጥፍ አድጓል» አለ። በዕድሜ ወሰኑም፣ በኩላሊትም፣ በራሷ መነሻም ሲመዘን ትርጉሙ አንድ ነበር። ይህ የልብ ድካም ነበር፤ ያው ፉሮሴማይድ ያን ጊዜ አዳናት። በአምስተኛው ቀን ቁጥሯ ወደ 3,100 ወረደ፤ እሷም ጋደም ብላ ተኛች።

ቁጥሩ ዝም የሚልባቸው ቦታዎች

ዝቅተኛው ውጤት ይታመናል ብያለሁ፤ ይህም ልዩ ሁኔታዎች አሉት። ሦስቱን ብቻ ላንሣ። አንደኛው ውፍረት ነው። እጅግ ወፍራም ሰዎች ምክንያቱ ሙሉ በሙሉ ሳይገለጽ ቁጥራቸው ዝቅተኛ ነው፤ የልብ ድካም እያለባቸውም ከወሰን በታች ሊሆኑ ይችላሉ። ሁለተኛው ጊዜ ነው። ልብ ፔፕታይዱን ብዙ አከማችቶ አይጠብቅም፤ ግድግዳው ሲወጠር አዲስ መሥራት አለበት። ሳንባው በአንድ ሰዓት ውስጥ በድንገት በውሃ የሞላ ሰው ደሙ ወዲያው ሲወሰድ ቁጥሩ ገና ላይነሣ ይችላል።

ሦስተኛው ለእኛ አገር ቅርብ ነው። በሩማቲክ የልብ ሕመም የማይትራል ቫልቯ የጠበበ ወጣት ሴት ትንፋሽ ሲያጥራት ግፊቱ ያለው ከጠባቡ ቫልቭ በስተኋላ፣ በግራ የላይኛው ክፍልና በሳንባ ነው። ፔፕታይዱን በብዛት የሚሠራው የግራ የታችኛው ክፍል ከቫልቩ ወዲያ ስለሆነ አልተወጠረም። በዚህ ምክንያት ቁጥሯ ከሕመሟ ክብደት ያነሰ ሊሆን ይችላል። የሳንባ ግፊት ከፍ ብሎ የቀኙ ልብ ሲጨነቅ ቁጥሩ ይነሣል፤ በሳንባ ደም ሥር ውስጥ የደም መርጋት የገባበት ሰው ቁጥሩ ከፍ የሚለውም በዚሁ የቀኝ ልብ ጫና ምክንያት ነው።

ስለ አገራችን ሌላም ነገር ልጨምር። ኢትዮጵያን ጨምሮ በዘጠኝ የአፍሪካ አገሮች በአጣዳፊ የልብ ድካም በተኙ 1,006 ሕመምተኞች ላይ የተሠራውና በ2012 የታተመው ጥናት አማካይ ዕድሜያቸው 52 ዓመት እንደሆነ አሳይቷል። ዋናው ምክንያት የደም ግፊት ሲሆን የሩማቲክ ሕመምም ከፍተኛ ድርሻ ነበረው። ወሰኖቹ የወጡባቸው የቦስተንና የክራይስትቸርች ሕመምተኞች ግን በዕድሜ በጣም የገፉና ልባቸው በአብዛኛው በደም ሥር መዘጋት የተጎዳ ነበሩ። ወሰኖቹ ለእኛ አይሠሩም እያልሁ አይደለም፤ የልብ ግድግዳ መወጠር በየትም አገር አንድ ነው። ግን ከእኛ ሕመምተኞች ብዙዎቹ በ450ና በ900 ወሰኖች መካከል ባለው የዕድሜ ድንበር ላይ እንደቆሙ፣ ከእነዚህም ውስጥ በደም ግፊት ኩላሊታቸው የደከመባቸው እንዳሉ ልብ ልንል ይገባል።

ማጠቃለያ

ታሪኩን በአጭሩ ላስታውስ። 100፣ 300፣ 450፣ 900፣ 1,800 የሚባሉት ቁጥሮች በተፈጥሮ ውስጥ የተጻፉ አይደሉም፤ በተወሰኑ ከተሞች፣ ከተወሰኑ ሰዎች ደም ላይ፣ አንድ የተወሰነ ጥያቄ ለመመለስ የተመረጡ ናቸው። ጥያቄው ሁልጊዜ «ይህ ሰው ዛሬ ትንፋሽ ያጠረው በልቡ ምክንያት ነውን?» የሚል ነበር። ቁጥሩ ግን የሚመልሰው ሌላ ጥያቄ ነው፤ «የልቡ ግድግዳ ምን ያህል ተወጥሯል?» የሁለቱን ጥያቄዎች ርቀት የሚሞላው ዕድሜ፣ ክሬአቲኒን፣ የአንገት ደም ሥር፣ የእግር እብጠት፣ ትኩሳት፣ ካለም የዱሮው ወረቀት ነው።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማስቀረው ልማድ አንድ ነው። «ከፍተኛ» የሚል ምልክት ስታዩ ቀና ብላችሁ ከመፍረዳችሁ በፊት «ይህ ቁጥር የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ስንት ዓመቱ ነው፣ ኩላሊቱ ምን ያህል ያጣራል፣ ጤነኛ ሳለ ቁጥሩ ስንት ነበር። መልሱ በወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ሕመምተኛው ራሱ ሊነግራችሁ ይችላል። አክስቴ በመጀመሪያው ቀን ነግራን ነበር።